አላይነር ወይስ ብሬስ? ለተደራረበ የአዋቂ ጥርስ የቱ ይሻላል

ባለፈው ዓመት አንዲት መምህርት ወደ ክሊኒካችን መጣች። ዕድሜዋ 34 ነው። የምትኖረው ሳቢያን፣ የምታስተምረው ከዚራ አካባቢ ነው። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም ስለማይዘወተር በቀጥታ ገባችበት። «ዶክተር፣ ያንን የማይታየውን አድርግልኝ። ሽቦ አልፈልግም። ተማሪዎቼ ፊት በሽቦ አልቆምም።» ስልኳን አውጥታ የአላይነር ፎቶ አሳየችኝ፣ ጥርስ ላይ የሚጠለቀውን ግልጽ ፕላስቲክ። ሽቦ ያለችው ብሬስን ነው።

የታችኛው የፊት ጥርሶቿ ተደራርበዋል። ከልጅነቷ ጀምሮ «ድርብ ጥርስ ያምርባታል» እየተባለች ነው ያደገችው። እውነትም ያምርባታል። የመጣችው ግን ለውበት አልነበረም። በተደራረቡት ጥርሶች መካከል ብሩሽ አይገባም። ከኋላቸው በየስድስት ወሩ ድንጋይ ይጋገራል፣ ድዷም እዚያ ቦታ ላይ ይደማል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ መደራረቡ እየባሰ እንደሄደ ራሷ አስተውላለች። ይሄ የብዙ ሰው ታሪክ ነው። የታችኛው የፊት ጥርስ በዕድሜ እየተጠጋጋ ይሄዳል፣ በልጅነቱ ቀጥ ብሎ የነበረውም ጭምር።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ጥርሶቹ የሚገቡበት ቦታ ከየት ይመጣል?

የእሷን ለካን። ታች 4 ሚሊሜትር ቦታ ይጎድላታል። በልጅ ላይ ቢሆን መንጋጋው ገና እያደገ ስለሆነ በተለይ የላይኛውን ማስፋት ይቻላል። በአዋቂ ላይ አጥንቱ ዕድገቱን ጨርሷል። ስለዚህ ቦታ የሚገኘው ጥርሶቹን ትንሽ ወደ ውጭ በመግፋት፣ ጎንና ጎናቸውን በጥቂቱ በመሞረድ፣ አለዚያም ጥርስ በመንቀል ነው። ወደ ውጭ መግፋት ገደብ አለው። ከታችኛው የፊት ጥርስ ፊት ያለው አጥንት ስስ ነው። ከልክ በላይ ከተገፋ ድዱ ይሸሽና ሥሩ ይገለጣል። የፊት ጥርሶች በ1 ሚሊሜትር ወደ ፊት ሲወጡ ግን ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ቦታ ይከፈታል። ለእሷ ያንን ወሰድን። የቀረውን 2 ሚሊሜትር ከመሞረድ አገኘነው። ከአንዱ ክራንቻ እስከ ሌላው ድረስ ጥርስ ከጥርስ የሚነካካባቸው አምስት ቦታዎች አሉ። በእያንዳንዱ ቦታ 0.4 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከአንድ ጥርስ ጎን 0.2 ብቻ ይነሳል። «ጥርሴን ልትሞርደው ነው?» ብላ ደነገጠች። ያስደነግጣል። ግን ጥርሱን ከሚሸፍነው ጠንካራ ኢናሜል ውፍረት ከግማሽ በታች ነው፣ አያምም፣ በኋላም ገጹ ለስላሳ ይደረጋል።

ይህ ስሌት በብሬስም በአላይነርም አንድ ነው። «አላይነር ካደረግሽ ጥርስ አይነቀልም፣ አይሞረድም» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ተጠንቀቂ። ፕላስቲኩ ቦታ አይፈጥርም። የጎደለው 8 ወይም 9 ሚሊሜትር ከሆነ ብዙውን ጊዜ መንቀል ይመጣል። ያን ጊዜ ደግሞ የተነቀለውን ሰፊ ክፍተት ሥሩን ጭምር አንቀሳቅሶ በመዝጋት በኩል ብሬስ ይበረታል። በአላይነር ብቻ ሲሞከር ጥርሶቹ ቆመው ከመሄድ ይልቅ ወደ ክፍተቱ ያጋድላሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጥርስ የሚንቀሳቀሰው በጉልበት ሳይሆን በጽናት ነው። ሥሩ ከአጥንቱ ጋር በስስ የክሮች ሽፋን የተያያዘ ነው። ጥርሱ በቀስታ ሲገፋ በተገፋበት በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ በተቃራኒው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ይሄ በወር ወደ 1 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል። ግፊቱ ሲቋረጥ ክሮቹ ጥርሱን ወደ ነበረበት መጎተት ይጀምራሉ። የአላይነር ጥንካሬውም ድክመቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም አላይነር ይወልቃል።

አላይነር አንድ ዕቃ ሳይሆን ተከታታይ ነው። የአፍሽ ቅርጽ በስካነር ይነሳል፣ እንቅስቃሴው በኮምፒውተር ላይ ይታቀዳል፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ የሚለያዩ ብዙ ግልጽ የፕላስቲክ ቅርጾች ይሠራሉ። እያንዳንዱ ጥርስን ወደ 0.25 ሚሊሜትር ወይም 2 ዲግሪ ያህል ያንቀሳቅሳል። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ተደርጎ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

የመምህሯን እናስላው። አንደኛው ጥርሷ 2 ሚሊሜትር መሄድ አለበት፤ ያ 8 አላይነር ነው። ቀላል። ችግሩ የግራው ክራንቻ ነው። ወደ 40 ዲግሪ ዞሯል። 40 ለ2 ሲካፈል 20 አላይነር ይሆናል። በአሥር ቀን አንድ ብትቀይር 200 ቀን፣ ማለትም ከስድስት ወር ተኩል በላይ። ያ እንግዲህ ሁሉም በወረቀቱ መሠረት ቢሄድ ነው። ክራንቻ ግን በወረቀቱ መሠረት ከማይሄዱት ዋነኛው ነው። ክብ ነው፣ ሥሩም ረጅም ነው። በዘይት በተነካ እጅ የማር ብልቃጥ ክዳን ለመክፈት እንደመሞከር ቁጠሪው። ፕላስቲኩ ይዞራል፣ ጥርሱ ይቀራል። ለዚህ ሲባል ከጥርሱ ፊት ላይ የጥርስ ቀለም ያላት ትንሽ ጉብታ ትለጠፋለች፣ ፕላስቲኩ እሷን ይዞ ያዞራል። ይረዳል። እንደዚያም ሆኖ ክራንቻ ብዙ ጊዜ ከታቀደው ያነሰ ይዞራል። ከዚያ እንደገና ስካን ይደረግና ተጨማሪ አላይነሮች ይታዘዛሉ። ስለዚህ ስድስት ወር ተኩል የተባለው ዓመት ቢሞላ የሚያስገርም አይደለም። ጉብታዎቹ ሲበዙ ደግሞ «የማይታየው» የሚለው ስም ትንሽ ይጎድላል።

ብሬስ ይህን ክራንቻ በሌላ መንገድ ይይዘዋል። በጥርሱ ላይ የተለጠፈው ቁራጭ ሽቦውን አንቆ ይይዛል። መጀመሪያ የሚገባው ቀጭን የኒኬልና የታይታኒየም ሽቦ የታጠፈበትን እያስታወሰ ወደ ቀጥታ ቅርጹ ይመለሳል፣ ጥርሱንም አብሮ ይጎትታል። ቀንም ሌሊትም ይሠራል። በበላሽ ሰዓትም፣ ስታስተምሪም፣ በተኛሽ ሰዓትም። አንቺ ማስታወስ አይጠበቅብሽም። የተጠማዘዘ ክራንቻ ላይ ብሬስን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ግን ለእሷ እንዲህ ብዬ ብቻ አልወሰንኩም። አንድ ሳምንት ሰዓቷን እንድትመዘግብ ጠየቅኋት። አላይነር በቀን 22 ሰዓት ገደማ አፍ ውስጥ መሆን አለበት። ከውኃ በቀር ምንም ሲበላም ሲጠጣም ይወልቃል። ስለዚህ ለምግብ፣ ለቡናና ለመቦረሽ በሙሉ የሚቀረው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

መዝገቧን ይዛ መጣች። ቁርስ 20 ደቂቃ። በእረፍት ሰዓት ሻይ 20 ደቂቃ። ምሳና ከምሳ በኋላ ጨዋታው 1 ሰዓት ከሩብ። አመሻሽ ላይ ከጎረቤት ጋር ቡና፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ 1 ሰዓት። እራት 45 ደቂቃ። ሲደመር 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። መቦረሹና ረስታ የምትቆይበት ሲጨመርበት ከአራት ሰዓት ያልፋል። ቅዳሜ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር በርጫ ትቀመጣለች፣ ሌላ ሦስት ሰዓት። እንግዲህ በሥራ ቀን 20 ሰዓት አይሞላም፣ ቅዳሜ ወደ 17 ይወርዳል።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። የኛ አገር ኑሮ አፍን ሥራ ያስይዛል። ቡና አንድ ጊዜ ተጠጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለመቀመጥና ለመጫወት የተመደበ ነው። ጫት እየቃሙ አላይነር ማድረግ አይቻልም። ቅጠሉ ከፕላስቲኩ ሥር ይገባል፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። በርጫ ላይ የሚጠጣው ለስላሳ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ከሥሩ ከገባ ደግሞ ምራቅ ስለማያጥበው ጥርሱን ይበላዋል። በነገራችን ላይ ረመዳን ለአላይነር ጥሩ ወር ነው። ቀኑን ሙሉ ሰዓቱ በራሱ ይሞላል። ከፍጥር እስከ ስሁር ድረስ እየቀማመሱ ማምሸት ከሌለ ማለቴ ነው።

ሰዓቱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በአንድ ሌላ ታካሚዬ አይቻለሁ። የጂቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ላይኛው ጥርሱ ላይ 3 ሚሊሜትር ብቻ ነበር የጎደለው። ለአላይነር የሚመች ቀላል ጉዳይ። 18 አላይነር ታዘዘለት። ስንጀምር ስለ ምግብ ሰዓቱ ጠየቅሁት፣ ስለ በርጫው ግን አልጠየቅሁም። በየቀኑ አራት ሰዓት ይቅም ነበር። መንገድ ላይ ስለነበር አላይነሮቹን በካላንደር እየቀየረ ቀጠለ። በ11ኛው ላይ ሲመጣ ከአንዱ ጥርስ ጫፍና ከፕላስቲኩ መካከል 1 ሚሊሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ ነበር። ጥርሱ ከአላይነሮቹ ወደ ኋላ ቀርቷል። በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ተጠራቅሟል። እንደገና ስካን አድርገን ከአዲስ ጀመርን። አምስት ወር ገደማ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው ስለ በርጫ ሳልጠይቅ አላይነር አላዝም።

ይህን ባዶ ቦታ በራስሽ ማየት ትችያለሽ። አላይነሩን አድርገሽ በመስታወት ፊት ብርሃን ላይ ቁሚ። የጥርሱ ጫፍ የፕላስቲኩን ጫፍ መንካት አለበት። በመካከል እንደ ጨረቃ ጠርዝ የመሰለ የሚያበራ ክፍተት ካለና የአላይነሩ ቀን ሲያልቅም ካልጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፊ። በዚያው ላይ አንድ ሳምንት ጨምሪ፣ ሐኪሙ የሚሰጠውን ለስላሳ ጎማ እየነከስሽ ፕላስቲኩ እንዲገባ አድርጊ። አሁንም ካልገባ ደውዪ። ያለፈውን አላይነር መቼም አትጣይ። አዲሱ ቢጠፋ ወይም ቢሰነጠቅ የምትመለሺው ወደ እሱ ነው።

ስለ ምቾት ሰው የሚጠብቀው ልዩነት ከእውነተኛው ይሰፋል። ሁለቱም ያማሉ። የአላይነር ሕመም አዲስ በተቀየረ ቁጥር ለሁለት ሦስት ቀን የሚሰማ ግፊት ነው። የብሬስ የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፣ ጉንጭና ከንፈርም ይላጣል። ለሚፋቀው ቦታ ሰም ይሰጣል። የመጀመሪያው ሽቦ በሙቀት የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ለጥቂት ጊዜ ያለሰልሰዋል። ድሬ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለመጠጣት ደግሞ ሰው ምክንያት አያጣም። በአላይነር መጀመሪያ ቀናት ላይ «ሰ» እና «ሸ» ትንሽ ይንተባተባሉ። ለመምህር ይህም መቆጠር አለበት። በሳምንት ውስጥ አብዛኛው ሰው ይላመደዋል።

በጽዳት በኩል አላይነር ያሸንፋል፣ ምክንያቱም አውልቀሽ እንደ ድሮሽ ትቦርሻለሽ። ብሬስ ላይ ምግብ ይያዛል። የጫት ቅጠል ደግሞ በጣም ይያዛል። ካልተጸዳ በቁራጮቹ ዙሪያ ጥርሱ ላይ ነጭ ምልክት ይወጣል። ምልክቱ ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ይቀራል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቁራጮቹን ያነሳሉ። የዘይቱን ፍሬም እንዲሁ። አገዳ በጥርስ መላጥ ፈጽሞ አይታሰብም።

አላይነር በድሬ ሙቀት የራሱ ጣጣ አለው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተተወ ይጣመማል። በፈላ ውኃ ከታጠበም እንዲሁ። የውኃችን ካልስየም ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረውን ያህል በፕላስቲኩም ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ በውኃ በቀጠነ አቼቶ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ ማጠብ ያስለቅቀዋል። ምግብ ቤት ውስጥ በሶፍት መጠቅለል ደግሞ የተለመደ የመጥፊያ መንገድ ነው። አስተናጋጁ ከሳህኑ ጋር ያነሳዋል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ሰው የሚያወዳድረው የመጀመሪያውን ዋጋ ነው። አላይነር በአብዛኛው ይወደዳል። ከዋጋው ብዙው እቅዱና ፕላስቲኩ በሚሠራበት ላብራቶሪ የሚከፈል ነው። ውጭ አገር የሚሠራ ከሆነ ከዶላር ጋር ይወጣል። ታዝዞ ከተሠራ በኋላም የሌላ ሰው አፍ ውስጥ ስለማይገባ ገንዘቡ አይመለስም። ብሬስ ግን እየሠራ በየወሩ ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ አላይነር ስትጠይቂ ዋጋው ተጨማሪ ስካንና ተጨማሪ አላይነሮችን ይጨምር እንደሆነ ጠይቂ። አንዱ ቢጠፋ ስንት እንደሆነ ጠይቂ። ሲያልቅ ጥርሱ እንዳይመለስ የሚደረገው ማቆያ በውስጡ መኖሩንም ጠይቂ። ርካሽ የመሰለው በእነዚህ ይወደዳል።

የጉዞውንም ሂሳብ አትርሺ። ብሬስ በየአምስት ሳምንቱ ገደማ መታየት ይፈልጋል፣ በ14 ወር ውስጥ ወደ 12 ጊዜ ማለት ነው። አላይነር በየሁለት ወሩ ሊታይ ይችላል፤ ስድስት አላይነር በአንዴ ይሰጥሻል፣ በ14 ወር ሰባት ጊዜ ያህል ትመላለሻለሽ። ከሐረር ወደ ድሬ የሚመላለስ ሰው ብዙም አይጎዳም። ሕክምናው አዲስ አበባ ከሆነ ግን ልዩነቱ የአምስት ጉዞ ነው፣ ከትራንስፖርትና ከአልጋው ጋር። እዚህ ላይ አላይነር ዋጋውን በከፊል ይመልሳል። ብሬስ ደግሞ ቁራጭ ሲነሳ ወይም ሽቦ ጉንጭ ሲወጋ ያልታሰበ ጉዞ ይጨምራል። ማንም ሐኪም አፍሽን ሳያይ፣ ራጅ ሳይነሳ፣ በፖስታ ብቻ የሚላክ አላይነርን ግን አልመክርም። ምክንያቱም በአዋቂ አፍ ውስጥ በፎቶ የማይታይ ነገር አለ። ድዱ የታመመና አጥንቱ የወረደ ጥርስ በሁለቱም መሣሪያ ከተገፋ ይላላል። መጀመሪያ ድዱ መታከም፣ መድማቱም መቆም አለበት።

መምህሯ ዘንድ ያደረግነውም ያንኑ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩ ጸዳ፣ ስድስት ሳምንት ቆይተን ድዷ እንዳልደማ አየን። ከዚያ በስልኳ ራሷን እያስተማረች እንድትቀርጽ አደረግሁ። አብረን አየነው። ስትናገር የታችኛው ከንፈሯ አብዛኛውን ጥርስ ይሸፍነዋል። «ይሄንንማ ማን ያየዋል?» አለች። ሴራሚክ የሆነውን ነጭ ቁራጭ ጠየቀች። እሱን ግን ታች ላይ አልፈለግሁም፣ ስትነክስ ከነካ የላይኛውን ጥርስ ኢናሜል ይፍቃል። ብረቱን ታች ብቻ አደረግን። ላይኛው ላይ የጎደላት 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለነበረ፣ የታችኛው ሲስተካከል ጥቂት አላይነር እንድናደርግላት ተስማማን። አጭር ስለሆነ የቡናዋን ሰዓት ከምሳዋ ጋር ለማዋሃድ ፈቃደኛ ሆነች። የቅዳሜውን በርጫ ግን መተው አልፈለገችም፣ እኔም አልጨቀጨቅኋትም። በዚያ ቀን የሚጎድለውን ለማካካስ እያንዳንዱን አላይነር በአሥር ፋንታ አሥራ አራት ቀን እንድታደርገው አስላሁት።

ክራንቻዋ በስድስት ወር ዞረ። ሙሉው ሥራ 13 ወር ፈጀ። ከኋላ፣ ምላሷ በሚነካበት በኩል፣ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ቀጭን ሽቦ ተለጠፈላት፣ ላይኛው ደግሞ በሌሊት የሚደረግ ማቆያ አለው። የዞረ ጥርስ ከሁሉም በላይ መመለስ ይወዳል፣ ስለዚህ ይህ ለዓመታት የሚቆይ ነው። የኋላው ሽቦ ከአንድ ጥርስ ቢነሳ አያምም፣ ሳይታወቅ ሁለት ሦስት ወር ሊያልፍ ይችላል። እሷ በሳምንት አንድ ቀን በጥፍሯ ጫፍ ከጥርስ ወደ ጥርስ እየነካካች ታየዋለች። ባለፈው ወር በቀኝ በኩል አንዱ ሲነቃነቅ ያገኘችው እንደዚያ ነው። በማግስቱ መጣች፣ በሃያ ደቂቃ መልሰን ለጠፍነው።